ሁለት ብርድ ልብስ

ባለፈው የገና ሰሞን አንድ የወጣቶች ድራማ ቡድን ለቪዲዮ ያዘጋጀውን ጽሑፍ እንዳነብለት ሰጠኝ። ታሪኩ ጥሩ ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት ከአባቱ ጋር ተኳርፎ ስለነበር እናቱ ስትሞት ለቀብሯ ሳይደርስ ይቀራል። ከዓመት በኋላ አንኮበር አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ይመለሳል። በሩ ሲከፈት የሚነጋገሩት ይህን ነበር፦

ልጅ፦ አባባ፣ እናቴ ስትሞት ባለመምጣቴ በጣም ተጸጽቻለሁ። ልቤ ቆስሏል።
አባት፦ ልጄ፣ እኔም ተቀይሜህ ነበር። ቢሆንም እወድሃለሁ።

ይህ ንግግር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ድራማው ግን ገና አሥር ደቂቃ ይቀረዋል፤ የሚሆን ነገር ደግሞ የለም፤ ዕርቁ በሩ ላይ አልቋል። ጸሐፊዎቹም ይህ ሳይታወቃቸው አልቀረም፤ ቀሪውን ጊዜ የሞሉት ሽማግሌ አስገብተው ስለ ይቅርታ በማስመከር ነው። ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የታረቁ ሰዎችን ታረቁ ብሎ መምከር ማንንም አይነካም።

ቡድኑን ሳነጋግር አንዱ ወንድም፣ «ድራማችን መልእክት አለው፤ ሰዎቹ ስሜታቸውን ካልተናገሩ ተመልካቹ በምን ይገባዋል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ሁላችንም ከምናውቀው ታሪክ የተሻለ ቦታ የለም፤ ከዮሴፍና ከወንድሞቹ ታሪክ።

ዘፍጥረት 43ን እንደ ድራማ ጽሑፍ እናንብበው። ዮሴፍ የእናቱን ልጅ ብንያምን ከብዙ ዓመት በኋላ ያየዋል። ሊያቅፈው ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይከለክለዋል። አንደኛ እርሱ የግብፅ ገዢ ነው፤ ሁለተኛ የሸጡት ወንድሞቹ መለወጣቸውን ገና አላወቀም። ስለዚህ ከአፉ የሚወጣው ስለ ሽማግሌው አባታቸው ጤንነት የሚጠይቅ፣ ማንኛውም ጨዋ ሰው እንግዳውን የሚጠይቀው ዓይነት ጥያቄ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ እልፍኝ ይገባና ያለቅሳል። ፊቱን ታጥቦ ሲመለስም «ናፍቄሃለሁ» አይልም፤ ምግብ እንዲቀርብ ያዝዛል። የብንያም ድርሻ ከሌሎቹ አምስት እጥፍ ሆኖ ይቀርባል። ፍቅሩን የምናየው በሳህኑ ላይ ነው።

ከዚህ ትዕይንት ሦስት ነገር እናገኛለን፤ ሰውዬው የሚፈልገው፣ እንዳይናገር የሚከለክለው፣ በምትኩ የሚይዘው ነገር። የጎደለው ሁለተኛው ከሆነ ዝምታው ምክንያት የለውም፤ ተመልካቹ «ለምን አይነግረውም?» ብሎ ይሰለቻል። የጎደለው ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ ተዋናዩ የሚሠራው አጥቶ ወደ ካሜራው ያፈጣል።

ለወንድማችን ጥያቄም መልሱ እዚሁ አለ። ወንድሞቹ ገዢው ማን እንደ ሆነ አያውቁም፤ እኛ አንባቢዎቹ ግን አስቀድመን እናውቃለን። ባናውቅ ኖሮ ስለ አባታቸው መጠየቁ ተራ ሰላምታ ይሆንብን ነበር። ስለዚህ ምስጢሩ ከተመልካቹ ሳይሆን ከገጸ ባሕርያቱ መደበቅ አለበት።

«ይህማ ሰምና ወርቅ ነው» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ይህ ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በሰሜን ሸዋ መንዝ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰይሞታል፤ ይህ የቅኔ ስልት በዕለት ተዕለት ንግግርም እንዳለ ጽፏል። ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት አለ። ባለቅኔው ወርቁን የሚሸሽገው አስቦበት፣ እንዲፈታለትም ፈልጎ ነው። ያዘነ አባት ግን ቅኔ አይዘርፍም። ስለ ጭጋጉና ስለ መንገዱ የሚያወራው ሌላውን መናገር ስለማይችል ነው። ሁለት ትርጉም ያለው የተራቀቀ ቃል አፉ ውስጥ ከጨመርንለት የምንሰማው አባቱን ሳይሆን ጸሐፊውን ይሆናል።

ከቡድኑ ጋር ተቀምጠን ትዕይንቱን እንደገና ጻፍነው። መጀመሪያ አንዲት ንግግር የሌላት ትዕይንት ጨመርን። ልጁ ደብረ ብርሃን በተከራያት ክፍል ውስጥ ከአልጋው ሥር ሁለት አዲስ ብርድ ልብሶች ያወጣል፤ ፌስታላቸው አቧራ ለብሷል። የተገዙት እናቱ በሕይወት ሳለች እንደ ነበር ተመልካቹ ይገባዋል። ከዚያ አንኮበር፣ አባቱ ደጃፍ ላይ ገብስ ሲያበጥሩ፦

ልጅ፦ እንደምን ዋሉ አባባ?
አባት፦ (ቀና ሳይሉ) እግዚአብሔር ይመስገን። መኪና አገኘህ?
ልጅ፦ አገኘሁ። መንገዱ ጭጋግ ነበር።
አባት፦ ይገፈፋል።
(ልጁ ፌስታሉን ያስቀምጣል።)
ልጅ፦ ብርድ ልብስ አምጥቻለሁ። ሁለት ነው።
(አባቱ ማበጠራቸውን ያቆማሉ።)
አባት፦ አንዱን ይዘኸው ተመለስ። ደብረ ብርሃን ይበርዳል።

የመጨረሻዋን መስመር ልብ በሉ። አባትዬው የተናገሩት ስለ ብርድ ብቻ ነው። ልጁ ግን የሁለተኛው ብርድ ልብስ ባለቤት እንደሌለች ይሰማል፤ ወቀሳ ነው። እንዳይበርደው ማሰባቸውንም ይሰማል፤ ፍቅር ነው። የትኛው እንደሚበልጥ እርሳቸውም አያውቁትም። አሁን ለቀሩት ደቂቃዎች የምንጠብቀው ነገር አለን።

በቅንፍ ውስጥ ያሉትንም ተመልከቱ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ቅንፎቹ «በውስጡ እያዘነ» ይሉ ነበር። ካሜራ ውስጥን አያይም። የቆመ ሰፌድ ግን ያያል፤ የታጠበ ፊት እንደሚታይ ሁሉ።

አደጋው በሌላውም በኩል አለ፤ በጣም የተዘጋ ንግግር እንቆቅልሽ ይሆናል። ለመለየት ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ትዕይንቱን አሳዩትና «አባትየው ምን ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ስለ መኪናና ስለ አየር ሁኔታ ነው የሚያወሩት» ካለ ዘግታችሁታል። ገና በመጀመሪያው መስመር ሁሉን ከነገራችሁ ደግሞ ከፍታችሁታል። እኛ ስንሞክረው ያለ ብርድ ልብሱ የመጀመሪያ ትዕይንት አንድም ሰው አልገባውም፤ ከትዕይንቱ ጋር ግን አንዲት እኅት «ሁለት ነው» ሲል ገና አለቀሰች።

የቀረው ጥያቄ መቼ ይናገሩ የሚለው ነው። ንስሐ በዝምታ ብቻ አያልቅም፤ ዮሴፍም ለዘላለም አልተደበቀም። ነገር ግን የተናገረው ድራማው ሊያልቅ ስለ ደረሰ አይደለም። ይሁዳ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ሲለምን፣ ወንድሞቹ መለወጣቸው ታወቀ፤ የከለከለው ነገር ወደቀ። ያን ጊዜ ራሱን መግታት አቃተው፤ ቃሉም ግልጽ ነበር። ግልጽ ንግግር ኃይል የሚያገኘው እንዲህ ተይዞ ሲቆይ ነው።

በእኛ ጽሑፍ የይሁዳን ቦታ የያዘው አንድ አልጋ ነው። ልጁ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሊሄድ ይነሣል። በማይመለስበት ብርድ ልብስ ፈንታ ፌስታሉን ባዶ ያገኘዋል። ዘወር ሲል አባቱ ሁለተኛውን ብርድ ልብስ በእናቱ ባዶ መደብ ላይ አንጥፈውታል። መጀመሪያ በሩ ላይ ተጽፎ የነበረው «ተጸጽቻለሁ» የሚለው ቃል አሁን እዚህ ገባ። አንድ ፊደል አልለወጥንበትም።