የሮቤው ራውተር ሦስት መስመሮች

ሮቤ የሚኖር ወዳጄ ቤት፣ መደርደሪያ ላይ አንድ ትንሽ ራውተር አለ። የተጫነበት OpenWrt የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ንጋት 12 ላይ ይመለሳል። ራውተሩ ግን አይጠፋም፤ ዝም የሚለው ሞገድ የሚያሰራጨው ክፍል ብቻ ነው፤ በኬብል የተያያዘ ኮምፒውተር ሌሊቱንም ይሠራል። ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ነው፦

```
*/10 22,23,0-5 * * * /sbin/wifi down
0 6 * * * /sbin/wifi up
0 9 * * * /bin/touch /etc/banner
```

በየመስመሩ መጀመሪያ ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሰዓት ይመጣል። ራውተሩ እኛ እንደምንቆጥረው አይቆጥርም፤ የእኛ ምሽት 4 ለእሱ 22፣ ንጋት 12 ደግሞ 6 ነው። የሰዓት ክልሉ `Africa/Addis Ababa` ላይ መሆን አለበት። አገራችን በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማትቀይር፣ አንዴ የተጻፈው ዓመቱን ሙሉ ይበቃል።

እኔን ያስቆመኝ `*/10` ነው። ወዳጄ መጀመሪያ የጻፈው `0 22` ብቻ ነበር፤ ትእዛዙ በሌሊት አንዴ ይነገራል፣ ያበቃል። መብራት ሄዶ ምሽት 5 ላይ ሲመጣ ግን ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሣል፣ ዋይፋዩንም ይከፍታል። `wifi down` የተቀመጠውን ቅንብር አይነካምና። 22 ደግሞ አልፏል፤ እስከ ማግስቱ ምሽት የሚዘጋው የለም። አሁን ትእዛዙ በየአሥር ደቂቃው ይደገማል፤ ሌሊት መብራት መቼም ቢመጣ ዋይፋዩ ከአሥር ደቂቃ በላይ ክፍት አይቆይም። የመጨረሻው 5:50 ላይ ነው፣ መክፈቻው 6:00። አይነካኩም።

ሦስተኛው መስመር ከመዝጋትም ከመክፈትም ጋር የተያያዘ አይመስልም። ይህ ራውተር መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚይዝለት ባትሪ የለውም። ሲነሣ `/etc` ውስጥ መጨረሻ የተነካውን ፋይል ሰዓት ይዞ ይጀምራል፤ ትክክለኛውን የሚያገኘው ኢንተርኔት ሲገናኝ ነው። ወዳጄ አንድ ምሽት 5 ሰዓት ላይ ቅንብር አስተካክሎ ነበር። በማግስቱ እኩለ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ አልሠራም፤ ራውተሩም ሌሊት ነው ብሎ ዋይፋዩን ዘጋ። የራውተሩ መብራት ይበራል፣ የኔትወርኩ ስም ግን ስልክ ላይ የለም። በኬብል ገብቶ `date` ሲል 23 ሰዓትን አየ።

ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ `banner` የተባለው ፋይል ይነካል። ይዘቱ አይለወጥም፤ የተነካበት ሰዓት ብቻ ይታደሳል። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ሳይኖር ቢነሣ ሰዓቱ የሚጀምረው ከጠዋት ነው። ኢንተርኔቱ እስኪመለስ ሰዓቱ መሳቱ አይቀርም፤ ዋይፋዩ ምሽት ላይ ዘግይቶ ይዘጋ ይሆናል። ቀን ላይ ሲነሣ ግን ሌሊት ነው ብሎ ዋይፋዩን ወዲያው አይዘጋም።

ጎባ ያለችው እኅቱ ቤትም እነዚሁኑ ሦስት መስመሮች ጽፏል። የጻፋቸው ጠዋት ነው።