የፓስካል ወረቀት፤ የተመስጦን ዘገባ ሳያጸድቁም ሳያፈርሱም ማንበብ

ብሌዝ ፓስካል እ.ኤ.አ. ኦገስት 1662 በ39 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ካረፈ በኋላ፣ አንድ አገልጋይ በሟቹ መደረቢያ ገበር ውስጥ የተሰፋ ነገር ዳበሰ። ስፌቱ ሲፈታ ብራና ወጣ፤ ከብራናው ጋር ደግሞ በፓስካል እጅ የተጻፈ ወረቀት። በሁለቱም ላይ ያለው ጽሑፍ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ስለ አንድ ሌሊት ያወራል፤ ሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1654፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ገደማ እስከ ሌሊቱ 6፡30 ገደማ። የሒሳብ ሊቁ ይህን ጽሑፍ ስምንት ዓመት ያህል በልብሱ ውስጥ ይዞ ሲዞር ለማንም እንዳሳየው የሚያመለክት ነገር የለም።

ወረቀቱን አማኞች ሲያነቡት ፓስካል እግዚአብሔርን አገኘ ይላሉ። አንዳንድ ሐኪሞች ደግሞ የራስ ምታቱንና የዘወትር ሕመሙን ይዘው ማይግሬን ነበረ ብለዋል። ሁለቱም ወገኖች ወረቀቱን ለማለፍ ይቸኩላሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ወደ አንጎል። የፌኖሜኖሎጂ ጸሐፊ ሥራ ግን ወረቀቱ ላይ መቆየት ነው። ኤድሙንድ ሁሰርል እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው «ሐሳቦች» በተሰኘው ሥራው፣ ከተፈጥሯዊው ዓለም ጋር የእግዚአብሔርም መኖር ጥያቄ ለጊዜው በቅንፍ ውስጥ እንዲቀመጥ ጠይቋል። ይህ ክህደት አይደለም፣ ጥርጣሬም አይደለም፤ ፍርድን ማዘግየት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቅንፉ ምን ላይ እንደሚያርፍ ስንዘነጋ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት ይህ ነው፦ ጸሐፊው «ፍርዴን አዘገያለሁ» ብሎ እግዚአብሔር የሚለውን ሁሉ ከዘገባው ያወጣና «ብርቱ የደስታ ስሜት» የሚል ትርፍራፊ ይዞ ይቀራል። ይህ ገለልተኝነት አይደለም፤ ተሸፋፍኖ የመጣ ፍርድ ነው። የፓስካል ደስታ የአንድ ነገር ደስታ ነው፤ ያ ነገር ከተወሰደ የቀረው የፓስካል ደስታ መሆኑ ያበቃል። በቅንፍ ውስጥ መግባት ያለበት የእኔ፣ የጸሐፊው፣ አዎንታና አሉታ ነው። የእርሱ «በእርግጥ ነው» ባይነት በዘገባው ውስጥ፣ ከባለቤቱ ጋር፣ እንዳለ ይቆማል። መረጃው ራሱ እርሱ ነውና።

አሁን ወረቀቱን ጠጋ ብለን እንየው። መጀመሪያ የሚመጣው ቀኑ ነው፤ ቀኑም የሚነገረው በዕለቱ በሚታሰቡ ሰማዕታት ስም ጭምር ነው። ቀጥሎ ሰዓቱ አለ። ከዚያ በኋላ፣ በመስመሩ ላይ ብቻውን፣ «እሳት» የሚል ቃል ይመጣል። ግሥ የለውም። «አየሁ» አይልም፣ «ነደደብኝ» አይልም፣ «እንደ እሳት» እንኳ አይልም። ተከትሎት የሚመጣው የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ጥሪ ነው፤ ይህም የፈላስፎችና የሊቃውንት አምላክ እንዳልሆነ ይታከልበታል።

እንግዲህ ፓስካል ብርሃን አየ? እሳቱን በማይግሬን ለሚያስረዳ ሰው ይህ ብርሃን ያስፈልገዋል። ሰማያዊ ራእይ ነው ለሚለውም ያው ብርሃን ያስፈልገዋል። ሁለቱ ባላጋሮች ወረቀቱ ያልሰጣቸውን አንድ ግሥ ከኪሳቸው አውጥተው አብረው ይጨምራሉ። የአብርሃም አምላክ ጥሪ ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ነው፤ ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ቆሞ የሰማው። ስለዚህ «እሳት» የታየ ነገር ሊሆን ይችላል፣ የተሰማ ሙቀት ሊሆን ይችላል፣ ለቀጣዩ ጥቅስ በር የሚከፍት ቃልም ሊሆን ይችላል። ዘገባው አልወሰነም። መግለጫችንም ይህን አለመወሰን ይዞ መቆየት አለበት፤ ይህ ድክመት ሳይሆን ልክን ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ ስቲቨን ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ያነሳው ክርክር ይመጣል። ካትዝ በወግ፣ በቋንቋና በትምህርት ያልተቀረጸ ንጹሕ ተመስጦ የለም ይላል። የፓስካል ወረቀት ለእርሱ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ከመጽሐፈ ሩት፣ ከኤርምያስ፣ ከዮሐንስ ወንጌልና ከመዝሙር የተወሰዱ ቃላት ሞልተውበታል። ነገር ግን ከዚህ «ያጋጠመው ነገር ጥቅስ ብቻ ነበር» ወደሚለው መዝለል ሌላ እርምጃ ነው፤ ካትዝ የሚያስረዳው ቃላቱ ከየት እንደመጡ እንጂ በዚያ ሌሊት ለምን እነዚህ እንደተመረጡ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሺህ ጥቅስ አለው። ፓስካል ደጋግሞ የያዘው አንዱን ጉዳይ ነው፤ መለየትን።

ይህ ለእኔ የወረቀቱ ትልቁ ነገር ነው። የመጀመሪያው ክፍል በአብዛኛው ስሞችን ይደረድራል፦ እርግጠኝነት፣ ደስታ፣ ሰላም። «እኔ» ራሱ የሚያደርገውን በግሥ ሲናገር ግን ግሦቹ ከባድ ናቸው፤ ከክርስቶስ እንደተለየ፣ እንደሸሸው፣ እንደካደው፣ እንደሰቀለው ይናገራል። የመለየቱ ኑዛዜ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው መጽሐፉ ለተመስጦ አራት መለያዎች ሰጥቶ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ ሰውየው ተቀባይ ብቻ ሆኖ በሌላ ኃይል መያዙ ነው። ዝርዝሩን ይዞ የሚያነብ ሰው የፓስካልን ሌሊት ወዲያው እዚያ ውስጥ ይከተዋል። ወረቀቱ ግን «ተያዝኩ» አይልም። ፓስካል ያደረገውን እንጂ የተደረገበትን አልጻፈም፤ ያደረገውም ጥፋት ነው። ዝርዝሩ ሲቀድም ይህ ይጠፋል።

ቀጥሎ የድርብርቡ ጉዳይ አለ። ወረቀቱ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ብራናው ግን ጠፍቶ የምናውቀው በግልባጭ ነው። ለክርስቶስና ለነፍስ አባቱ ፍጹም መገዛትን የሚናገረው የመጨረሻ ክፍል የሚገኘው በብራናው ግልባጭ ብቻ ነው። ስለዚህ «በዚያ ሌሊት ለነፍስ አባቱ ለመገዛት ወሰነ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ የሚቻለው ጽሑፉን በብራና ባሰፈረበት ጊዜ ይህን አክሎ ነበር ማለት ነው። ገድላትን የሚያጠኑ የአገራችን ሰዎች ይህን ጥንቃቄ ያውቁታል። ገላውዴዎስ ገድለ ወለተ ጴጥሮስን የጻፈው ቅድስቲቱ እ.ኤ.አ. በ1642 ካረፈች 30 ዓመት በኋላ፣ ከሚያውቋት ሰዎች አፍ ሰብስቦ ነው። እዚያ የምናገኘው ራእይ የእርሷ ብቻ አይደለም፤ የደቀ መዛሙርቷ ትዝታና የጸሐፊው አደራደርም ነው። ይህ ገድሉን ከመረጃነት አያወጣውም፤ ግን የሌላ ነገር መረጃ ያደርገዋል፤ አንድ ማኅበር ራእይን እንዴት ተቀብሎ እንደያዘ የሚያሳይ።

ማብራሪያ ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ማይግሬን ይበል፤ ግን የሚያብራራው ነገር መጀመሪያ በሙሉ ይገለጽ፤ ደስታው ከኑዛዜው ጋር፣ እርግጠኝነቱ «ትተወኝ ይሆን?» ከሚለው ፍርሃት ጋር። ማይግሬን ብርሃንን ሊያስረዳ ይችላል፤ ደስታ በሞላበት መሐል «ተለየሁት» የሚል ሐዘን ለምን እንደሚመላለስ ግን ገና አላስረዳም። የነገረ መለኮት ሰውም ያው ዕዳ አለበት።

አንድ ገደብ ግን ማንም አያልፈውም። ፓስካል ሁለት ሰዓት ያህል ይላል፤ የጻፈው ግን በጥቂት ደቂቃ ተነቦ ያልቃል። የመስመሮቹ ተራ የወረቀቱ ተራ ነው፤ የሌሊቱ ተራ መሆኑን የሚነግረን የለም። «መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎ እርግጠኝነት፣ በመጨረሻም እንባ» ብሎ የሚተርክ ድርሰት፣ የቱንም ያህል ገለልተኛ ቢመስል፣ ከፓስካል ያልሰማውን የሁለት ሰዓት ታሪክ ራሱ እየጻፈ ነው።