ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የልደት ግጥም

የፍቅር እስከ መቃብር አንባቢ በስሟ የሚያውቃት የጎጃሟ ዲማ የቅኔ አገር ናት። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርማሉ። ትንሹ ቅኔ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። በሁለት ቤት ውስጥ ግን የተሰነቀረ ቃል መደበቂያ የለውም። የልደት ግጥም እንደ ቅኔ በግእዝ አይቆጠርም፤ ዳኝነቱ ግን ከዚያው ከየኔታ ጆሮ ሊመጣ ይችላል።

በየከተማው ኬክ ሲቆረስ በብዛት የሚሰማው ዓይነት ይህ ነው፦

መልካም ልደት ይሁንልሽ
አበባዬ ይሳካልሽ

ስሕተት የለበትም። ለአምስት ዓመት ልጅ ቢነበብ ሁሉም ያጨበጭባል። አሥራ አምስት የሞላት ልጅ ግን አንገቷን ትደፋለች፤ ጥፋቱም «አበባዬ» የሚለው ቃል ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ስንኝ አራት አራት ቀለም ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ይህ የግጥም አዋቂዎች «ቡሄ በሉ ቤት» የሚሉት ምት ነው፤ ልጆች ጅራፍ እያስጮኹ በየደጁ የሚጨፍሩበት። ምቱ ራሱ ስለሚያዘልል የትኛውም ቁም ነገር ቢጫንበት ወደ ጨዋታ ያዞረዋል። ስድስት ስድስት ቀለም ያለው የወል ቤት ግን እንደ ሰው ንግግር ይረጋል፤ ለጎረምሳና ለኮረዳ የሚመረጠውም እሱ ነው። ሲቆጠር ታዲያ ፊደሉ ሳይሆን ድምፁ ነው፦ «የወንድምህ» ሲጻፍ ስድስት ፊደል፣ ሲነበብ አራት ቀለም።

የቤት አመታቱም እንዲሁ ርካሽ ነው። «ይሁንልሽ» እና «ይሳካልሽ» የገጠሙት በ«ልሽ» ብቻ ነው፤ «ልሽ» ደግሞ በማንኛውም ምርቃት መጨረሻ ላይ በነጻ ይገኛል። «ይመርልሽ»፣ «ይቅናልሽ» እያሉ እስከ ማታ መቀጠል ይቻላል። ገጣሚው ምንም አልፈለገም፤ ሰዋስው ሠራለት።

ከዚህ ለመሸሽ የሚሞክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፦

አሥራ አምስት ሞላሽ እኛም ዛሬ ኮራን
ደብተርሽን ይዘሽ ውጪ ያን ተራራን

ምቱ ተስተካክሏል፣ የመጀመሪያው ስንኝም ደኅና ነው። ግን ተራራው ከየት መጣ? ልጅቷ ጮቄን የመውጣት ሐሳብ የላትም፤ ደብተር ይዞ ተራራ የሚወጣም ሰው የለም። «ኮራን» የሚለው ቃል «ራን» ፈለገና ተራራ ተጎትቶ መጣ። እንዲህ ያለውን ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ሁለቱን ስንኞች እንደ ተራ ወሬ አፍርሶ መናገር ነው። ማንም ሰው በወሬ የማይለው ነገር ከሆነ ቃሉ የመጣው ቤት ለመምታት ነው።

አሁን ደግሞ የታላቅ ወንድሙን ልብስ ሲወርስ ላደገ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የተገጠመ፦

የወንድምህ ጃኬት አምና ጣት የዋጠው
እጅጌው አንሶ ታየ ቁመትህ በለጠው

ሲፈርስ እንዲህ ይሆናል፦ አምና እጅጌው ጣትህን ይሸፍን ነበር፣ ዘንድሮ አጠረህ። ማንኛዋም እናት የምትለው ነው። ቤቱን የመታው ጭራ ብቻ አይደለም፤ «ጠ» የ«ዋጠ»ም የ«በለጠ»ም የራሳቸው ፊደል ነው፣ ስለዚህ ጆሮ ይጠግባል። አንዱ ጃኬቱን የሚገልጽ፣ ሌላው ነገሩን የሚዘጋ ግሥ መሆኑም ይረዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው «በለጠው» ነው። ሰሙ ጃኬቱን ነው፤ ወርቁ ወንድሙን። ልጁ ይህን በራሱ ሲደርስበት ፈገግ ይላል፤ ማንም «አደግህ» ብሎ አልሰበከውም፣ ገጣሚው ግን ሰም ከወርቅ እንደሚለይ ሰው ቆጥሮታል። የሕፃን ቃና የሚጠፋውም በዚህ ነው፤ ከባድ ቃል በመደርደር አይደለም። «ብሩህ ተስፋ»፣ «የነገ አገር ተረካቢ» የሚሉት ቃላት ከ«አበባዬ» ባልተናነሰ ያሰለቻሉ፤ ልጁ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሰምቷቸዋል።

ግጥሙ የዚያ ልጅ መሆኑን ለማወቅ የጎረቤት ልጅ ስም ተክቶ ማንበብ ይበቃል። «መልካም ልደት ይሁንልሽ» ለማንም ይሆናል። ጃኬቱ ግን ታላቅ ወንድም ለሌለው አይሆንም።

እንዲህ ያለው ቀልድ ድንበርም አለው። ጃኬት ያስቃል፤ የፊት ብጉር፣ የተሰበረ ድምፅ ወይም የልጅቷ የልብ ወዳጅ በዘመድ ፊት ሲነሣ ግን ቤቱ የቱንም ያህል ቢመታ ግጥሙ ወድቋል። ስለዚህ ኬኩ ሳይቆረስ በፊት፣ እንግዳ ሳይሰበሰብ፣ ለባለ ልደቱ ለብቻው ይነበብለት። «ይቺን ተዋት» ካለ ስንኟ ትውጣ።