የተገለበጠው ሁለት ጽዋ

አሜሪካዊቷ ሜሪ ግሪር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያወራው ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ የታሮት ካርታ ተገልብጦ ሲወጣ እንዴት ይነበባል? ጥያቄው ከሁሉ የሚከብደው በፍቅር ንባብ ላይ ነው።

«ሁለት ጽዋ»ን እንውሰድ። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሣለችው ካርታ ላይ ወንድና ሴት ጽዋ ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ከበላያቸው ክንፍ ያለው የአንበሳ ራስ አለ። ሲገለበጥ አንበሳው ታች ይወርዳል፤ ጽዋዎቹም የተደፉ ይመስላሉ። ብዙ አንባቢ ይህን ሲያይ «ፍቅሩ አልቋል» ለማለት ይቸኩላል።

ግሪር ይህን ችኮላ ትቃወማለች፤ ልክም ናት። አሥራ ሁለት የአነባበብ መንገድ ታቀርባለች። ፍቅሩ አለ፣ ግን ታግዷል ሊሆን ይችላል። ወይም በውስጥ ተይዟል፣ ገና አልተነገረም። ወይም ጠያቂዋ የራሷን ምኞት በሰውየው ላይ እያየች ነው። «የለም» የሚለው ፍቺ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ብቻ ነው። ካርታውን ያሣለው አርተር ዌይት ራሱ መገልበጥን ሁልጊዜ እንደ ክፉ አልቆጠረም፤ «አራት በትር» ቢገለበጥም ትርጉሙ አይለወጥም ብሏል።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ከአሥራ ሁለቱ የትኛው እንደሚመረጥ ሲመጣ ፍርዱ በአብዛኛው ለአንባቢው ይቀራል። «በመካከላችን ምን አለ?» ብላ የጠየቀች ሴት ፊት የተገለበጠ ሁለት ጽዋ ቢወጣ፣ ሩኅሩኅ አንባቢ «ይወድሻል፣ መናገር ፈርቶ ነው» ይላታል። ሌላው «አይወድሽም» ይላታል። ሁለቱም መጽሐፉን መጥቀስ ይችላሉ። እሷ ግን በመጀመሪያው መልስ ስድስት ወር ስልክ ስትጠብቅ ልትከርም ትችላለች።

መገልበጥን ጭራሽ የማይቀበሉት ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ካርታውን በእጅ ይዘው ከላይ ወደ ታች እያሸጋገሩ ቢበውዙት አንድም አይገለበጥም፤ ጠረጴዛ ላይ በትነው ቢያማስሉት ግን ግማሽ ያህሉ ሊገለበጥ ይችላል። ታዲያ የተናገረው ካርታው ነው ወይስ እጅ? እነዚህ አንባቢዎች ጎረቤት ካርታዎችን ያያሉ። ከሁለት ጽዋ አጠገብ «ስምንት ጽዋ» ቢወጣ፣ ጀርባውን ሰጥቶ በሌሊት የሚሄደው ሰው መለያየትን ይናገራል፤ መገልበጥ አያስፈልግም።

እኔ የግሪርን መጽሐፍ አልጥልም። የሚጎድለው አንድ ግዴታ ነው፤ አንባቢው ከመበወዙ በፊት መገልበጥን በየትኛው መንገድ እንደሚያነብ ይወስን፣ ለጠያቂዋም ይንገራት። «ዛሬ የተገለበጠውን እንደታገደ ነገር አነባለሁ» ካለ፣ ሁለት ጽዋ ተገልብጦ ሲወጣ ያገደው ምን እንደሆነ አብረው ይፈልጋሉ። ስምንት ጽዋ አጠገቡ ካለም ሰውየው እየሄደ መሆኑን ሊያለባብስላት አይችልም።