«ውሃው ተቋረጠ» ወይስ «ውሃውን ቆረጣችሁ»?

ባለፈው ዓርብ አንዲት እህታችን ለአከራይዋ በዓረብኛ የጻፈችውን ደብዳቤ አምጥታልን ነበር። ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ አምስት ቀን ውሃ አልነበራቸውም። አከራዩ የመለሰው በአንድ መስመር ነው፦ «እኔ ምንም አልቆረጥኩም፤ የውሃው ሒሳብ ተከፍሏል።» ለምን እንዲህ አለ? ደብዳቤውን እስቲ አብረን እንየው።

አጀማመሩ ጥሩ ነው። «አስ-ሰይድ»፣ «አል-ሙሕተረም»፣ ከዚያ «ተሒያ ጠይባ ወ-ባዕድ»። የእኛ የቤትና የገበያ ዓረብኛ፣ ያ «ማፊ ሞያ» የምንለው፣ አልገባበትም። ችግሩ ያለው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። «ቀጠዕቱም አል-ሚያህ» ይላል፤ «ውሃውን ቆረጣችሁ» ማለት ነው። እሷ ለማለት የፈለገችው ግን «ኢንቀጠዐት አል-ሚያህ»፣ «ውሃው ተቋረጠ» ነበር። ያቺ መነሻዋ ላይ ያለች «ኢን» ስትቀር አቤቱታው ክስ ሆነ።

ይህ የሰዋስው ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆች 2007 የወጣው የዱባይ የኪራይ ሕግ ቁጥር 26 ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። አንቀጽ 34 አከራይ አገልግሎት እንዳይቆርጥ ይከለክላል። አንቀጽ 16 ደግሞ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ጥገናው የአከራዩ ነው ይላል። እህታችን የጻፈችው የ34ን ክስ ነው፤ በእጇ ያለው ማስረጃ ግን የ16 ነው። አከራዩም ለተጻፈለት መለሰ።

ማስረጃዋን ደግሞ ከደብዳቤው ውጭ ትታዋለች። በሕንፃው ውሃው መጀመሪያ ታች ያለው ታንከር ይገባል፣ ከዚያ ፓምፕ ወደ ጣሪያው ታንከር ይገፋዋል። ናጡሩ ሲያሳያት የታችኛው ሙሉ፣ የላይኛው ባዶ ነበር። እንግዲህ የተበላሸው ፓምፑ ወይም ፓምፑን የሚያስነሳው ነገር ነው ማለት ነው። በዚህ ፈንታ ስምንት መስመር ሙሉ ስለ ድካማቸው ጽፋለች። እውነት ነው፣ ያሳዝናል፤ ግን ጠጋኝ የሚጠራ ሰው ከዚያ ውስጥ ምን ያገኛል?

እኔ ብሆን የክፍሉን ቁጥርና ውሃው የቆመበትን ቀን ጽፌ እንዲህ እቀጥል ነበር፦ «ኢንቀጠዐት አል-ሚያህ ቢሰበብ ተዐጡል አል-ሚደኻ»፣ በፓምፑ ብልሽት ምክንያት ውሃው ተቋርጧል። ከዚያ «ነጥሉብ ሚንኩም ኢስላሕ አል-ሚደኻ ኺላል ሰላሰት አያም»፣ ፓምፑ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲጠገን እንጠይቃለን። እሷ «ነርጁ» ብላለች፤ ትሑት ቃል ነው፣ ስህተትም አይደለም፤ «ነጥሉብ» ግን ጨዋነቱን ሳይለቅ ጠንከር ይላል። ሦስት ቀኑን ሕጉ አልወሰነውም፣ የእኛ ልመና ነው። ቆጠራው ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ስለሚጀምር ግን ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ ማስቀበል አለባት።

ፊርማ ካልን አይቀር፣ የእሷን ደብዳቤ ስድስት ሴቶች ፈርመውበታል። ውሉ ላይ ያለው ስም ግን የአንዷ ብቻ ነው። አዲሱ ደብዳቤ በእሷ ስም ይውጣ።