የአንድ ሰዓት ስብከት በአሥር ሜጋባይት

ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ገጠር ላለ ሰው የአንድ ሰዓት ስብከት በቪዲዮ መላክ ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ሰሚው የሚፈልገው ቃሉን ስለሆነ ድምፁን ለይቶ መላክ ይበቃል። ይህን የምሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ድምፁን ሳልነካው አወጣዋለሁ፦

```
ffmpeg -i sibket.mp4 -vn -c:a copy sibket.m4a
```

`-vn` ምስሉን ያስቀራል፤ `copy` ድምፁ እንደገና ሳይጨመቅ እንዳለ እንዲገለበጥ ያዛል። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ኤኤሲ ስለሆነ `m4a` ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ይህን ፋይል ዋና ቅጂ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ድምፅ በተጨመቀ ቁጥር የሚጎድለው ነገር ተመልሶ ስለማይገኝ፣ የምልከውን ሁልጊዜ የማዘጋጀው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ቢትሬቱን እመርጣለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሴኮንድ ያለውን ኪሎቢት በሴኮንዶቹ ብዛት አባዝቶ ለ8 ማካፈል ኪሎባይቱን ይሰጣል። የአንድ ሰዓት ድምፅ በ128 ኪሎቢት 57.6 ሜጋባይት ይሆናል። በሴኮንድ 100 ኪሎቢት በሚያወርድ መስመር ይህ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይፈጃል። በ24 ኪሎቢት ግን 10.8 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳል።

```
ffmpeg -i sibket.m4a -ac 1 -c:a libopus -b:a 24k sibket.ogg
```

ኦፐስ የተባለው የመጭመቂያ ዘዴ የሰውን ንግግር በ24 ኪሎቢትም ጥርት አድርጎ ይይዛል። `-ac 1` የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ያደርጋል፤ ለአንድ ተናጋሪ ሁለት ቻናል አያስፈልግም። ከመላኬ በፊት በጆሮ ማዳመጫ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉባቸውን ቃላት እሰማለሁ። ከመጠን በላይ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚደበዝዙት እነዚህ ናቸው። «ሰ» ወደ «ፈ» ከቀረበ ቢትሬቱን ወደ 32 ከፍ አደርገዋለሁ።

ስብከቱ በበገና ከተዘጋ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለበገና ድምፅ ንዝረት የሚሰጠው ከጅማቱ ሥር የሚገባው እንዚራ ነው፤ በ24 ኪሎቢት ያ ንዝረት ይሻክራል። ስለዚህ በገናውን ለብቻው ቆርጬ በ64 እጨምቀዋለሁ። አሥር ደቂቃው 4.8 ሜጋባይት ገደማ ነው።

ብዙ ባለቁልፍ ስልኮች ኦፐስን አይከፍቱም። ለእነርሱ ኤምፒስሪ በ48 ኪሎቢት፣ በአንድ ቻናል አዘጋጃለሁ፤ ሰዓቱ 21.6 ሜጋባይት ይሆናል። ከኦፐሱ እጥፍ ቢሆንም ይከፈታል። ስለዚህ ቢትሬት ከመምረጥዎ በፊት ተቀባዩ በምን ስልክ እንደሚያዳምጥ ይጠይቁ።