ሕመሙን መስሎ የሚመጣ ጉዳት፦ ፕሬድኒሶሎንና የሥጋ ደዌ ሪአክሽን

ስለ ፕሬድኒሶሎን የጎንዮሽ ጉዳት የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝር ነው፤ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳር ይጨምራል፣ ጡንቻ ይመነምናል፣ ጠባይ ይለወጣል፣ ኢንፌክሽን ይበረታል ይላል። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ጉዳቱ ለምን ዘግይቶ እንደሚታወቅ ግን አይነግረንም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ የሚሰጥበትን አንድ በሽታ ጠጋ ብሎ በማየት ነው። እኔ የመረጥኩት የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ላይ የሚከሰተውንና ባለሙያዎች ዓይነት ሁለት ሪአክሽን የሚሉትን ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ይህን ሕመም ለረጅም ዘመን ሲያክም ኖሯል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በዚያው ሆስፒታል የተኙ ታካሚዎችን መዝገብ የፈተሸ ጥናት ሪአክሽኑ ካለባቸው ሰዎች መካከል የሞቱት ቀላል የማይባሉ መሆናቸውን፣ ሞቱም ከረጅም ጊዜ የስቴሮይድ ሕክምና ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል።

ሪአክሽኑ የሰውነት መከላከያ በባክቴሪያው ቅሪት ላይ የሚያስነሳው ቁጣ ነው። ቆዳ ላይ የሚያሙ እብጠቶች ይወጣሉ፣ ትኩሳት ይነሳል፣ መገጣጠሚያና ነርቭ ይታመማል። ፕሬድኒሶሎን ሲሰጥ ሕመምተኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀለዋል። መጠኑ ሲቀነስ ደግሞ እብጠቱ ያገረሻል። የባክቴሪያው ሕክምና ካለቀ በኋላ እንኳ ይህ መመላለስ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ለአብነት አንድ የ34 ዓመት ገበሬ እናስብ። በቀን 60 ሚሊግራም ጀመረ፤ በየሁለት ሳምንቱ 10 እየተቀነሰ እስከ 20 ወረደ። በ10 ሳምንት ውስጥ የዋጠው 2,800 ሚሊግራም ነው። 20 ላይ ሳለ እብጠቱ ስላገረሸ ወደ 40 ተመለሰ፤ ከዚያም 30፣ ከዚያም 20። ድምሩ 4,060 ሆነ። እንደገና አገረሸበትና ያው ዙር ተደገመ፦ 5,320 ሚሊግራም በ22 ሳምንት፣ በአማካይ በቀን 34 ገደማ። ጤናማ አድሬናል ዕጢ በቀን የሚያመነጨው ኮርቲሶል በፕሬድኒሶሎን ሲሰላ ከ5 እስከ 7 ሚሊግራም ቢሆን ነው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በዓመት 5,000 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የወሰደን ሰው ለአጥንት ስብራት እጅግ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ይመድበዋል። የገበሬው ካርድ ላይ ግን በመጨረሻው ቀጠሮ የተጻፈው «20 ሚሊግራም» ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሐኪም የዕለቱን መጠን ያያል፤ ድምሩን የሚያየው የለም።

አሁን ጉዳቶቹን እንመልከት። ገበሬው ከመሬት ቁጢጥ ካለበት ለመነሳት እጁን ጉልበቱ ላይ መደገፍ ጀምሯል። ሥጋ ደዌ ነርቭ እንደሚያደክም ስለሚታወቅ ድካሙ የነርቭ ነው ተብሎ መጠኑ ከፍ ሊደረግለት ይችላል። ልዩነቱ ያለው ድካሙ ባረፈበት ቦታ ነው። ሥጋ ደዌ የሚያጠቃው በአብዛኛው የእጅና የእግር ጫፍን ነው፤ ቁርጭምጭሚትን ቀና ማድረግ ያቅታል፣ ስሜት ይጠፋል፣ ነርቩ ሲዳሰስ ይወፍራል ወይም ያማል። ስቴሮይድ የሚያደክመው ግን ጭንና ትከሻን ነው፤ ሕመም የለውም፣ ስሜት እንደነበረ ነው፣ የጡንቻ ጉዳት የሚያሳየው የደም ምርመራም ብዙ ጊዜ ጤናማ ይወጣል። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳት መቻሉን በየቀጠሮው ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መፍትሔው መጠን መቀነስና የጭን ጡንቻን ማሠራት ነው፤ ያም ቢሆን ጉልበቱ የሚመለሰው በሳምንታት ወይም በወራት ነው።

ትኩሳት ደግሞ ከዚህ የከፋ አሳሳች ነው። ሪአክሽኑ ራሱ ትኩሳት ስላለው፣ ትኩሳት በመጣ ቁጥር ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል። መድኃኒቱ ግን የሳንባ ነቀርሳንም የደም መመረዝንም ምልክት ይሸፍናል። አዲስ እብጠት ሳይኖር የመጣ ትኩሳት ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ወይም እስኪወገድ ድረስ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መያዝ ይሻላል። በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው አንጀቱ ውስጥ ስትሮንጂሎይድስ የተባለውን ትል ለዓመታት ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ሲጀምር ትሉ በሰውነቱ ውስጥ ተባዝቶ የአንጀት ባክቴሪያን ወደ ደም ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። አንድ ተራ የሰገራ ምርመራ ትሉን ሊስተው ስለሚችል፣ ስቴሮይዱ ከመጀመሩ በፊት አይቨርሜክቲን መስጠት ብልህነት ነው። በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ የሚወስድ ከሆነ ኮትራይሞክሳዞል ለሳንባ ምች መከላከያ ይታሰባል። የሳንባ ነቀርሳ ከተገኘና ሪፋምፒሲን በየቀኑ ከተጀመረ ደግሞ ጉበት ፕሬድኒሶሎንን ቶሎ ስለሚያስወግደው ሪአክሽኑ ሊያገረሽ ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሕመሙ ጠና ብሎ ያስባል።

ስኳር የሚደበቅበት መንገድ ሌላ ነው። ጠዋት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው፤ ሌሊት ይወርዳል። ሕመምተኛው ሳይበላ መጥቶ ቢለካ 95 ሊያሳይ ይችላል፤ ያው ሰው ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ 260 ይሆናል። ስለዚህ መለካት ያለበት ከምሳ በኋላ ወይም ከእራት በፊት ነው። በባዶ ሆድ ብቻ መለካት ለዚህ መድኃኒት ምርመራ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በጠባይ ላይ ያለው ለውጥ በመጠን ይወሰናል። በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመው ታዋቂው የቦስተን ጥናት በቀን እስከ 40 ሚሊግራም ከሚወስዱት 1.3 በመቶ፣ ከ80 በላይ ከሚወስዱት ግን 18.4 በመቶ የሥነ አእምሮ ምልክት እንዳሳዩ ዘግቧል። መጀመሪያ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ወሬ ይበዛል፣ ደስታው ልክ ያጣል። ብዙ ጊዜ ይህ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሆነ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ያለዚያ ወደ ጸበል ወይም ወደ ጠንቋይ የሚያደርስ ነገር ይሆናል። የዕለቱን መጠን ጠዋት አንድ ጊዜ መውሰድ ለእንቅልፍ ይረዳል።

አጥንት በጣም ቶሎ የሚሳሳው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ የሚጎዳውም ከሁሉ በላይ የአከርካሪ አጥንት ነው። ስብራቱ ያለ ሕመም ሊያልፍ ስለሚችል በየጊዜው ቁመት መለካት ይጠቅማል። እንደ ገበሬው ያለ ሰው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ብቻ አይበቃውም፤ አሌንድሮኔት በሳምንት 70 ሚሊግራም በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያም ለግማሽ ሰዓት ሳይተኛ መውሰድ ይኖርበታል። ብሽሽት ላይ የሚሰማ ሕመም ሲመጣ ደግሞ የመገጣጠሚያ ሪአክሽን ነው ከማለት በፊት የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ መሞቱን መጠርጠር ያስፈልጋል፤ መጠን መጨመር ይህን ያባብሰዋል።

ጉዳቱን በእርግጥ የሚቀንሰው ድምሩን የሚቀንስ ነገር ነው። ለዚህ የሚረዱ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ታሊዶማይድ በፅንስ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ክሎፋዚሚን ሥራ ለመጀመር ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ቆዳም ያጠቁራል፤ ሜቶትሬክሴትም ለዚሁ ዓላማ እየተሞከረ ነው። ሁለተኛው ማገርሸት ሲመጣ ፕሬድኒሶሎንን ብቻ ከፍ ማድረግ ትቶ ከእነዚህ አንዱን ማከል እኔ የምደግፈው አካሄድ ነው። በድንገት ማቆም ግን አይቻልም። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው አድሬናል ዕጢው አንቀላፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ከ5 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ያስታወከ፣ ራሱን የሳተ ወይም የደም ግፊቱ የወረደ ሕመምተኛ ከመጣ፣ ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊግራም በመርፌና የጨው ውኃ በደም ሥር ወዲያውኑ ይሰጠዋል፤ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም።